ዕቃው ከገባ ገንዘቡም ገብቷል

በ2015 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ቡና፣ ወርቅ፣ አበባ፣ ጫትና የቅባት እህል ሸጣ ከሸቀጥ ወጪ ንግድ ያገኘችው 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ ማሽን፣ መድኃኒትና ሌላም ሌላም ለመግዛት የሄደው ደግሞ ወደ 17 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ ግልጽ ነው። አንድ አገር 3 አግኝቶ 17 የሚገዛው እንዴት ነው? ሻጮቹ ቻይና፣ ሕንድ፣ ኩዌትና ቱርክ ውስጥ ናቸው፤ ብር አይቀበሉም፤ ዕቃውንም በነጻ አልሰጡም።

የጥያቄው ግማሽ መልስ ቀላል ነው። የሸቀጥ ንግድ የአገር ገቢ ሁሉ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለውጭ መንገደኛ የሚሸጠው ትኬት፣ ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ፣ ከዱባይና ከቴል አቪቭ ለቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ፣ ከለጋሾች በእርዳታ የሚገኘው ዶላር፣ ሁሉም ከ17ቱ ላይ ይቀነሳል። በሌላ በኩል ለውጭ አበዳሪ የሚከፈል ወለድና የውጭ ኩባንያዎች ወደ አገራቸው የሚወስዱት ትርፍ ይጨመራል። ይህ ሁሉ ተደምሮና ተቀንሶ የሚገኘው ሒሳብ ባለሙያዎች ከረንት አካውንት የሚሉት ነው። በ2015 በጀት ዓመት መጨረሻ ላይ የተገኘው ውጤት አሁንም ጉድለት ነበር፦ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 3 በመቶ ገደማ።

አስቸጋሪው ግማሽ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ይህ ቀሪ ጉድለት የሆነ ቦታ በትክክል ያንኑ ያህል በሆነ የካፒታል ፍሰት ተሸፍኗል። ከዚያ አያንስም፣ ከዚያም አይበልጥም። ይህን ያህል ለማምጣት ያቀደ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ግን ሆኗል። በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ዓመት እንዲሁ ይሆናል። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለማየት ከቢሊዮኖቹ ወርዶ አንድ የጭነት መኪና መከተል ይበቃል።

አንድ አስመጪ ከቻይና 50 ሺህ ዶላር የሚያወጣ የጭነት መኪና ገዛ እንበል። መኪናው በጂቡቲ በኩል ገብቶ ጉምሩክ ሲመዘገብ በአገሪቱ የክፍያ ሚዛን መዝገብ ላይ በገቢ ንግድ በኩል 50 ሺህ ዶላር ይጻፋል። መዝገቡ ግን ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ ብቻውን አይሞላም። ሻጩ ለመኪናው የሆነ ነገር አግኝቷል፤ ያገኘው ነገር በሌላው ዓምድ መጻፍ አለበት። ምን አግኝቶ ሊሆን ይችላል?

አስመጪው ኤልሲ ከፍቶ ባንኩ በጥሬ ዶላር ከፍሎ ከሆነ፣ ሻጩ ያገኘው ቀድሞ የኢትዮጵያ ባንኮች ወይም የብሔራዊ ባንክ የነበረ ዶላር ነው። ያ ዶላር በኒውዮርክ ወይም በለንደን ባንክ የተቀመጠ የኢትዮጵያ ሀብት ነበር፤ አሁን የሌላ ሰው ሆነ። መጠባበቂያው በ50 ሺህ ቀነሰ፤ ይህ ቅናሽ በሁለተኛው ዓምድ ይገባል። ሻጩ «ከስድስት ወር በኋላ ትከፍለኛለህ» ብሎ በዱቤ ሰጥቶ ከሆነ ደግሞ ዶላር ከነአካቴው አልተንቀሳቀሰም። ሻጩ በአስመጪው ላይ የ50 ሺህ ዶላር ይገባኛል ባይ ሆኗል። ይህ ዱቤ ራሱ የካፒታል ፍሰት ነው፤ አገሪቱ የቻይናን ገንዘብ ተበድራለች፣ ብድሩም የገባው በመኪና መልክ ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ። አሜሪካ የሚኖር ወንድም መኪናውን በራሱ ዶላር ገዝቶ በፍራንኮ ቫሉታ ላከው እንበል። ለወንድሙ በስጦታ ከሰጠው፣ ሁለተኛው ዓምድ ላይ የሚጻፈው ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ እንደ ሐዋላው የከረንት አካውንት አካል ስለሆነ ገቢ ንግዱና ስጦታው ይጣፋሉ፣ ጉድለትም አይፈጠርም። «መኪናው ትርፍ ሲያስገባ ግማሹ የኔ ነው» ካለ ግን የተጻፈው ስጦታ ሳይሆን መዋዕለ ንዋይ ነው። ያው መኪና፣ ያው ወንድም፤ በመካከላቸው ያለው ስምምነት ብቻ ሒሳቡን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያዛውረዋል።

አንድ አማራጭ ብቻ ቀርቷል። ሻጩ እንዳይሆን ሆኖ ብር ቢቀበልስ? ያን ጊዜም ሒሳቡ አይፈርስም። አንድ የሻንጋይ ነጋዴ በእጁ ብር ይዞ ቢቀመጥ፣ ያ ብር በኢትዮጵያ ባንክ ላይ ያለው መብት ነው፤ ነገ ቡና ወይም ሰሊጥ ሊገዛበት ይችላል። ስለዚህ ለኢትዮጵያ አበድሯል ማለት ነው። አሜሪካ ለአሥርት ዓመታት በየዓመቱ በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ጉድለት ይዛ መቀጠል የቻለችው በዚሁ መንገድ ነው። ሻጮቿ የራሷን ገንዘብ ይቀበሏታል፣ የተቀበሉትንም መልሰው በግምጃ ቤቷ ሰነዶችና በኩባንያዎቿ አክሲዮን ያስቀምጡታል። የኢትዮጵያ ችግር ብሩን ይዞ ለመቀመጥ የሚፈቅድ ሻጭ አለመገኘቱ ነው።

የአገሪቱ ጠቅላላ ሒሳብ የእነዚህ ሁሉ መኪኖች፣ ኩንታሎችና በርሜሎች ድምር ነው። እያንዳንዱ ግዢ ሁለት ጎን ካለው፣ ድምሩም ሁለት ጎን አለው። በወጪ ንግድ፣ በሐዋላና በእርዳታ ያልተሸፈነው እያንዳንዱ ዶላር ወይ ከውጭ ሰው በብድርና በመዋዕለ ንዋይ መልክ የመጣ ነው፣ ወይ ደግሞ ከራስ መጠባበቂያ ላይ የተነሳ ነው። ሌላ ቀዳዳ የለም። «ጉድለቱ ተሸፍኗል ወይስ አልተሸፈነም?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም የሚያጣውም ለዚህ ነው፤ ዕቃው አገር ውስጥ ከገባ ተሸፍኗል። መጠየቅ ያለበት በምን እንደተሸፈነና ሸፋኙ መቼ ምን መልሶ እንደሚጠይቅ ነው።

የአዲስ አበባ–ጂቡቲ የባቡር መስመር ይህን በግዙፉ ያሳያል። የኢትዮጵያው ክፍል የተሠራው በአብዛኛው ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ በተገኘ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብድር ነበር። ሐዲዱ፣ ባቡሮቹና የኤሌክትሪክ መሣሪያው የመጡት ከቻይና ነው፤ ሥራ ተቋራጮቹም የቻይና ነበሩ። ከእንዲህ ዓይነቱ ብድር ትልቁ ክፍል አዲስ አበባ ሳይደርስ ቤጂንግ ውስጥ ከባንኩ ወደ አምራቹና ወደ ተቋራጩ ይዛወራል፤ አዲስ አበባ የሚደርሰው ሐዲዱ ነው። በዚያ ሰሞን የአገሪቱ ከረንት አካውንት ጉድለት ከጠቅላላ ምርቷ 10 በመቶ ገደማ ነበር። በጊዜው ብዙ ሰው ጉድለቱን እንደ በሽታ፣ ብድሩን እንደ መድኃኒት ያይ ነበር። ነገር ግን ሐዲዱና ብድሩ ሁለት የተለያዩ ክስተቶች አልነበሩም፤ ብድሩ ባይፈረም ኖሮ ሐዲዱ አይመጣም፣ ሐዲዱ ባይመጣ ያ የጉድለት ክፍል አይኖርም ነበር።

ይህ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የሚሄደውን ቅደም ተከተል ያናጋል። ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው አገር መጀመሪያ እንደሚጎድልባት፣ ከዚያ አበዳሪ ፍለጋ እንደምትወጣ ነው። እውነታው ግን በተቃራኒውም ይሠራል፤ ገንዘቡ ቀድሞ ይመጣል፣ ጉድለቱ ይከተላል። በኅዳር 2007 ዓ.ም. መንግሥት በዓለም አቀፍ ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር የዩሮ ቦንድ በ6.625 በመቶ ወለድ ሲሸጥ፣ ዶላሩ በገባበት ዕለት ምንም ጉድለት አልፈጠረም። አንድ ቢሊዮን ዕዳ ተጻፈ፣ አንድ ቢሊዮን መጠባበቂያ ተጨመረ፤ ሁለቱም በፋይናንሱ ሒሳብ ውስጥ ናቸው። ጉድለቱ የተወለደው ገንዘቡ ወጥቶ ማሽንና የኃይል መስመር ዕቃ ሲገዛበት ነው። ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት በ2013 ዓ.ም. ለቴሌኮም ፈቃድ የከፈለው 850 ሚሊዮን ዶላርም እንዲሁ ነው፤ ሲገባ መጠባበቂያ ያሳድጋል፣ ሲወጣ ደግሞ ነዳጅ ወይም ማዳበሪያ ይሆናል።

ከውጭ ለሚኖር አንባቢ እዚህ ላይ ሊጠራ የሚገባ ልዩነት አለ። እናቷ ለፋሲካ በግ እንድትገዛ ከጅዳ 200 ዶላር የላከች ልጅ የካፒታል ፍሰት አላስገባችም። ገንዘቡ ስጦታ ነው፣ መልሱን የሚጠይቅ የለም፣ ጉድለቱን ራሱን ይቀንሳል እንጂ ጉድለት አይሸፍንም። ያችው ልጅ 200 ዶላሩን አዲስ አበባ ባለ የዲያስፖራ የውጭ ምንዛሬ ሒሳብ ካስቀመጠችው ወይም የሕዳሴ ግድብ ቦንድ ከገዛችበት ግን ለአገሯ አበዳሪ ሆናለች፤ ገንዘቡ ጉድለት ሸፋኝ ነው፣ አንድ ቀንም ተመላሽ ነው። ባንኩ መስኮት ላይ ሁለቱ ዶላሮች አንድ ናቸው። መዝገቡ ላይ ግን አንዱ አገሪቱን ያለ ዕዳ ይተዋታል፣ ሌላው ዕዳ ያስገባታል። ሐዋላ የኢትዮጵያን የክፍያ ሚዛን ይህን ያህል የደገፈው መጠኑ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የማይመለስ በመሆኑም ነው።

እንግዲህ ሸፋኙ ገንዘብ ሲቀር ምን ይሆናል? እኩልነቱ አይፈርስም ተብሏል፤ ስለዚህ የሚሰበረው ሌላ ነገር ነው። የሚሰበረው ግዢው ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የሆነውም ይኸው ነው። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ለጋሾችና አበዳሪዎች የበጀት ድጋፋቸውን ያዙ። መንግሥት በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ በኩል ዕዳው እንዲሸጋሸግለት ጠየቀ፤ ንግግሩ በዘገየ ቁጥር አዲስ ብድር የሚሰጥ እየቀነሰ ሄደ። የቀድሞ ብድር ክፍያ ግን አልቆመም። ዋናውን ብድር መመለስ በከረንት አካውንት ውስጥ አይታይም፤ የሚታየው ከታች በፋይናንሱ ሒሳብ ነው፣ አቅጣጫውም ወደ ውጭ ነው። አገሪቱ 4 ቢሊዮን ጉድለት ካላትና በዓመቱ ሌላ 2 ቢሊዮን የብድር ተመላሽ ካለባት፣ አዲስ የሚገባው 6 ቢሊዮን መሆን አለበት። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ለምሳሌ የተነሱ ናቸው፤ ስሌቱ ግን የባለሥልጣናትን እንቅልፍ የነሳው ያው ስሌት ነው።

መጠባበቂያው ለጥቂት ጊዜ ክፍተቱን ይሞላል። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ ግን ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ዝቅ ብሎ ነበር፤ ለአንድ ወር የገቢ ንግድ እንኳን አይበቃም። ከዚህ በታች የሚነሳ ነገር የለም። ያኔ ኤልሲ የጠየቀ አስመጪ ባንክ በር ላይ ለወራት ተራ ይጠብቃል፤ ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ ቅድሚያ ያገኛሉ፤ የፋብሪካው መለዋወጫ ይቀራል፣ ማሽኑ ይቆማል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር ከቤት መኪና እስከ ውስኪ ድረስ 38 የሸቀጥ ዓይነቶች የውጭ ምንዛሬ እንዳይፈቀድላቸው አገደ። ወረፋውም እገዳውም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። ሸፋኙ ገንዘብ ስላነሰ ጉድለቱን በጉልበት ወደ ገንዘቡ ልክ ያወርዱታል።

በዚህ ዓይን ሲታይ ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ የተጠቀሰው 3 በመቶ ሌላ መልክ ይይዛል። በ2007 በጀት ዓመት 10 በመቶ አካባቢ የነበረ ጉድለት በ2015 ወደ 3 በመቶ ወርዷል። በወረቀት ላይ መልካም ዜና ይመስላል፣ አንዳንድ ጊዜም እንደ ስኬት ይቀርባል። የወጪ ንግድ ከፍ ብሎ ጉድለቱ ቢጠብ ኖሮ በእርግጥም ስኬት ነበር። ነገር ግን ጉድለቱ ከጠበበበት ምክንያት አንዱ የሚያበድር በመጥፋቱ ሊገዛ የሚገባው ሳይገዛ መቅረቱ ነው። ልዩነቱን ማወቅ ከባድ አይደለም። መጠባበቂያው እየጨመረና በትይዩ ገበያውና በባንኩ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ ጉድለት ከቀነሰ አገሪቱ ተሽሏታል። መጠባበቂያው እየተሟጠጠ፣ የትይዩ ገበያው ዶላር የባንኩን እጥፍ እየሆነ ጉድለት ከቀነሰ ግን የቀነሰው አገሪቱ ስለታነቀች ነው። በ2015ና በ2016 የታየው ሁለተኛው ነበር።

የትይዩ ገበያው ነገር ሌላም ጉዳይ ያነሳል። ዋሽንግተን ያለ ሰው ዶላሩን ለአገናኝ ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ያለው የአገናኙ ባልደረባ ለቤተሰቡ ብር ያስረክባል። ዶላሩ ኢትዮጵያ አልመጣም። ምናልባት ዱባይ ላለ ሻጭ ተከፍሎ፣ በምትኩ ኮንቴይነር ልብስ ወይም ስልክ መጥቷል። ጉምሩክ ኮንቴይነሩን ያየዋል፤ ባንክ ግን ዶላሩን አያየውም። ታዲያ ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ሊቀር ነው? አይቀርም። ስታቲስቲክስ የሚሠሩት ባለሙያዎች ወይ በግምት ከግል ዝውውር ጋር ያስገቡታል፣ ወይ ደግሞ መጨረሻ ላይ «ስህተትና ግድፈት» በሚል መስመር ያስቀምጡታል። ይህ መስመር ሒሳቡን ለማስታረቅ ተብሎ የተፈለሰፈ ማታለያ የሚመስላቸው አሉ። እንዲያ አይደለም። ዕቃው መግባቱ ከታወቀ ክፍያ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ያልታወቀው የትኛው ክፍያ እንደሆነ ብቻ ነው። መስመሩ ትልቅ ሲሆንና ለዓመታት በአንድ አቅጣጫ ሲያጋድል፣ ከመዝገብ ውጭ የሚሄድ ገንዘብ መብዛቱን ይናገራል።

እኩልነቱ በወረፋና በእገዳ ካልተጠበቀ በዋጋ ይጠበቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ለሸማቹ ከባድ ነበር፤ ዘይቱም ነዳጁም መድኃኒቱም በአዲሱ ዋጋ መጣ። በሒሳቡ በኩል የሆነው ግን ይህ ነው። ዶላር ሲወደድ የሚገዛው ይቀንሳል፣ ቡናውን በባንክ በኩል የሚሸጠውና ሐዋላውን በባንክ የሚልከው ይጨምራል፣ 38ቱ ሸቀጦችም ከእገዳ ወጡ። ቀድሞ ማን ይግዛ የሚለውን የወሰነው ወረፋው ነበር፤ አሁን የሚወስነው ዋጋው ሆነ።

በዚያው ሰሞን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የአራት ዓመት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር መርሐ ግብር ሲያጸድቅ፣ ወደ 1 ቢሊዮኑ ወዲያው ተለቀቀ። የዓለም ባንክ ደግሞ 1.5 ቢሊዮን ጨመረ፤ ከዚህ 1 ቢሊዮኑ እርዳታ፣ 500 ሚሊዮኑ ብድር ነበር። ዜናው ሁሉንም በአንድ ላይ «ድጋፍ» ብሎ ጠራው። መዝገቡ ግን ከሁለት ይከፍለዋል። እርዳታው እንደ ጅዳዋ ልጅ ገንዘብ ተመላሽ የለውም፤ ብድሩና የገንዘብ ድርጅቱ ዶላር ግን ዛሬ መጠባበቂያ፣ ነገ ተመላሽ ናቸው። መጠባበቂያው አደገ ሲባል የራስ ገቢ አደገ ማለት እንዳልሆነ ለማወቅ ከጎኑ የተጻፈውን ዕዳ ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የእኩልነቱን ግትርነት የሚያሳየው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የሆነው ነው። የ2007ቱ የዩሮ ቦንድ ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ በወቅቱ አልተከፈለም፤ የእፎይታው ቀን አለፈ፣ ኢትዮጵያም ዕዳዋን ካልከፈሉ አገሮች ተርታ ገባች። አንድ ሰው «ያልተከፈለ ነገር ምን ይመዘገባል?» ሊል ይችላል። ይመዘገባል፣ በሁለቱም ዓምድ። ወለዱ የመክፈያ ቀኑ ደርሷልና በከረንት አካውንት ወጪ ሆኖ ይጻፋል፣ ጉድለቱንም በ33 ሚሊዮን ያሰፋዋል። ከታች ደግሞ ያው 33 ሚሊዮን «ውዝፍ ዕዳ» ተብሎ እንደ ገባ ገንዘብ ይቆጠራል፤ ምክንያቱም የቦንዱ ባለቤቶች ሳይወዱ በግድ ለተጨማሪ ጊዜ አበድረዋል። አበዳሪ በፈቃዱ ሲጠፋ መዝገቡ ያለፈቃዱ ያበደረውን ይጽፋል። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ፣ ከእነዚሁ ባለቤቶች ጋር ቁጭ ብሎ ያ ያለፈቃድ የተሰጠ ብድር በስንት ዓመት፣ በምን ወለድ፣ ስንቱ ተቀንሶ ይመለስ የሚለውን መደራደር ነበር።